ሳይነገረኝ ተወካይ ሆንኩ

በአንድ አስመጪ ድርጅት የግዥ ክፍል እሠራለሁ። ባልደረባዬ በታኅሣሥ ለዓመት ዕረፍት ሲወጣ ኢሜይሉ በራሱ የሚልከው ምላሽ «ቢሮ የለሁም፤ ከገና በኋላ እመለሳለሁ» ይል ነበር። የውጭ አገር አቅራቢያችን ይህን አምኖ ሲጠብቀው የፕሮፎርማው ጊዜ አለፈ፤ አዲሱ ዋጋ ጨምሮ መጣ፤ አለቃችንም የተቆጡት እኔን ነው። ቀን መጻፍ ምን ይከብዳል? ከዚህ በፊትም ደጋግሜ ነግሬዋለሁ፤ አሁን ግን ሰልችቶኛል። ከሥር «ለአስቸኳይ ጉዳይ» ብሎ የእኔን ስም እንደጻፈ ያወቅሁት እንኳ ኋላ ነው። እኔ ደግሞ ከጥር 25 ጀምሮ ለሁለት ሳምንት እወጣለሁ። የእርሱን ስም ብጽፍ ነውር ይሆን?

መልስ

እህቴ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፍሽው ነገር ከቀኑ ይልቅ አስቆጥቶኛል። ስምሽን ያለ ኢሜይል አድራሻ መጻፉ ለአቅራቢው ምንም አልጠቀመውም፤ ሳይነግርሽ መጻፉ ደግሞ ያልተቀበልሽውን ኃላፊነት አሸከመሽ። ተወካይ የሚባለው የትኛው ፕሮፎርማ መቼ እንደሚያበቃ የሚያውቅና የመወሰን ሥልጣን የተሰጠው ሰው ነው። ስለዚህ አንቺም ሳትነግሪው ስሙን ብትጽፊ፣ አዎን፣ ነውር ነው። ያልተቋጩ ጉዳዮችሽን ዝርዝር ይዘሽ ጠረጴዛው ድረስ ሂጂና ጠይቂው፤ እሺ ካላለ አለቃሽ ሌላ ሰው ይወክሉ።

ወደ ቀኑ ስንመጣ፣ አቅራቢው ገናን ዲሴምበር 25 ብሎ ሲያነብ የእኛ ታኅሣሥ 29 ጃንዋሪ 7 ላይ ስለሚውል፣ አሥራ ሦስቱ ቀናት የጠፉት በአንዲት ቃል ምክንያት ነው። አንቺም «9/6/2018» ብለሽ ብትጽፊ የውጭው ሰው ከዓመታት በፊት ያለፈ ጁን ወይም ሴፕቴምበር አድርጎ ያነበዋል። «እስከ የካቲት 6» ማለትም አይበቃም፤ በዕለቱ መኖር አለመኖርሽን አይናገርምና፣ የዕረፍቱን መጨረሻ ትተሽ ሥራ የምትጀምሪበትን ቀን እንዲህ ጻፊ፦

«ከጥር 25 ጀምሮ በዓመት ዕረፍት ላይ ነኝ። ሰኞ የካቲት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2026፣ ሥራ እጀምራለሁ። እስከዚያ ስለ ፕሮፎርማና ክፍያ ለእገሌ በዚህ አድራሻ ይጻፉ።» ከዚያም የተወካዩን ኢሜይል ሙሉውን አስገቢ።

ቢሯችሁ የሚጠቀመው አውትሉክ ከሆነ ለድርጅቱ ሠራተኞችና ለውጭ ሰዎች የሚሄደው ምላሽ በተለያየ ሳጥን ይጻፋል፤ የውስጡን ብቻ ከሞላሽ አቅራቢው ምንም አይደርሰውም። ለአንድ ላኪም በዕረፍትሽ ዘመን አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚመልስ፣ የተሳሳተ ቀን ከደረሰው በሚቀጥለው ደብዳቤው ይታረምልኛል ብለሽ አትመኚ። ምላሹን እንደከፈትሽ፣ ገና ከቢሮ ሳትወጪ፣ ከግል ኢሜይልሽ ወደ ራስሽ የሥራ አድራሻ ጽፈሽ የሚመጣልሽን አንብቢ።