አሮጌውን ቁጥር በአንድ ቀን አትዝጉት

«ሰላም፣ ቁጥሬ ተቀይሯል፣ በዚህ ያዙኝ።»

ባለፈው ወር ብቻ እንዲህ ያለ መልእክት ሦስት ጊዜ ደርሶኛል። ሁለቱ ስም እንኳ የላቸውም። «ማን ልበል?» ብዬ ስጽፍ አንዱ «እንዴት ትረሳኛለህ!» ብሎ ተቀየመኝ። ወንድሜ፣ አልረሳሁህም። ስልኬ ላይ የወጣው ባዶ ቁጥር ነው። ቁጥር ደግሞ መልክ የለውም።

ከሀገር ከወጣሁ 22 ዓመቴ ነው። የምተዳደረው በትርጉም ሥራ ስለሆነ ደንበኛ የሚያገኘኝ በስልክ ነው። እስካሁን አራት ጊዜ ቁጥር ቀይሬያለሁ። በሦስተኛው ጊዜ ያጠፋሁት ጥፋት እስካሁን ይቆጨኛል። እናንተ እንዳትደግሙት ነው ይህን የምጽፈው።

1. ወረቀቱ

ድርጅት ስለቀየራችሁ ብቻ ከሆነ በብዙ አገር ቁጥራችሁን ይዛችሁ መሄድ ስለምትችሉ መጀመሪያ ጠይቁ። የግድ ከተቀየረ ባንኩን፣ ኢሜይሉን፣ ሐኪሙንና የልጆቹን ትምህርት ቤት አሮጌው መስመር ኮድ መቀበል ሳያቆም አስተካክሉ። በቃ፣ ይኸው ነው።

2. ደብዳቤው

ደብዳቤው መላክ ያለበት ከአሮጌው ቁጥር ነው። ሰው የሚያውቀውና የሚያምነው እሱን ነው። ዋትሳፕ ላይ ብሮድካስት የሚደርሰው ቁጥራችሁን ስልኩ ላይ ለመዘገበ ሰው ብቻ መሆኑንም አስቡ። በአዲሱ ቁጥር ብሮድካስት ብታደርጉ ገና ማንም ስላልመዘገባችሁ ለማንም አይደርስም። እናንተ ግን «ለሁሉም ልኬያለሁ» ብላችሁ ትተኛላችሁ። መጀመሪያ ላኩ። ከዚያ ነባሩ አካውንት ውስጥ ገብታችሁ Change number በሚለው ቀይሩ። አዲስ አካውንት አትክፈቱ።

ለደንበኛ የምልከው ይህን ይመስላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። የትርጉም ሥራ የምሠራልዎ እገሌ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ ቁጥሬ +1 202 555 0147 ነው። ይህን የምጽፍልዎ ከአሮጌው ቁጥር ሲሆን እሱም እስከ ማርች 30 (መጋቢት 21) ይሠራል። ከተጠራጠሩ በአሮጌው ይደውሉልኝ፣ እኔው አነሳለሁ። ኢሜይሌም ክፍያ የሚገባበት አካውንትም አልተቀየሩም። በመልእክት ገንዘብ አልጠይቅም። እባክዎ ስልክዎ ላይ በስሜ ስር ያለውን ቁጥር በዚህ ይተኩልኝ።»

ለጓደኛ አንቱታውንና የክፍያውን ነገር አውጡት፣ ሌላው ይቆይ። ቁጥሩ ከነ+ ምልክቱና ከነአገር ኮዱ ይጻፍ፣ ሀገር ቤት ያለውም ሌላ አገር ያለውም እንዳለ ይደውልበታል። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ያስቀመጥኩት በምክንያት ነው። «እስከ 30 ድረስ» ብዬ ጽፌ የየትኛው ወር 30 እንደሆነ ያከራከርኩበት ጊዜ አለ። «ይተኩልኝ» ያልኩትም ሰው አሮጌውን ሳያጠፋ «እገሌ አዲስ»፣ «እገሌ አዲስ 2» እያለ ስለሚመዘግብ ነው። በዓመቱ የቱ አዲስ እንደሆነ ራሱም አያውቀውም።

3. የእኔ ጉድ

እኔ ያኔ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ሥራ ለማቅለል 60 ሰው በአንድ ግሩፕ ሰበሰብኩ። ጓደኛውን፣ ደንበኛውን፣ የዘመድ ዘመዱን ሁሉ። አንድ መልእክት ለጠፍኩና የሁለት መስመር ወርሃዊ ሂሳብ ላለመክፈል አሮጌውን በዚያው ቀን ዘጋሁት። ብልጠት መስሎኝ ነበር።

ግሩፕ ውስጥ ሁሉም የሁሉንም ቁጥር ያያል። የደንበኞቼን ስልክ ሳላስፈቅድ አደባባይ አወጣሁት ማለት ነው። በሦስተኛው ሳምንት ለአንድ የቅርብ ጓደኛዬ ከማይታወቅ ቁጥር መልእክት ደረሰው። ፎቶው የእኔ ነው። ጽሑፉም ቃል በቃል የእኔው ነው፣ ቁጥሩ ብቻ ሌላ ነው። «ያኛው መስመር አስቸገረኝ፣ በዚህ ያዘኝ» የሚል ተጨምሮበታል። ሁለት ቀን ሰላምታ ብቻ ነበር። ዓርብ ማታ «መኪናዬ መንገድ ላይ ቆመችብኝ፣ ካርዴ አልሠራ አለኝ፣ ሰኞ እመልስልሃለሁ» አለው።

ጓደኛዬ ሞኝ አይደለም። ደወለበት። አላነሳም፣ «ጫጫታ ውስጥ ነኝ፣ ጻፍልኝ» አለው። ለማጣራት ለዓመታት በሚያውቀው ቁጥሬ ደወለ። ዝግ ነው። እውነተኛውን አዲስ ቁጥሬን ደግሞ ገና አልመዘገበውም ነበር። ቁጥር መቀያየሬን ራሴው ስለነገርኩት ሌላ ቁጥር መምጣቱ አላስገረመውም። ላከ።

ግማሹን እኔ ከፈልኩ። ዛሬም እንገናኛለን፣ ግን ያቺ ቀን መሃላችን አለች።

ቁጥሬ ተቀየረ የሚል መልእክት ሲደርሳችሁ መጠየቅ ያለበት አሮጌው ቁጥር ነው። አዲሱ ስለራሱ ሊመሰክር አይችልም። አሮጌው ዝግ ከሆነ ድምፅ ስሙ፣ ወይም በምታውቁት ኢሜይል ጻፉ። ሁሌ በጽሑፍ ብቻ የሚያወራ፣ የሚያጣድፍ፣ ወይም «ስልክህ ላይ የገባውን ኮድ ላክልኝ» የሚል ከሆነ ተዉት። በዚያ ኮድ አካውንታችሁን ይወስደዋል።

4. መልእክት የማይደርሳቸው

ገንዘቡ ይቅር። አክስቴን ልንገራችሁ።

ያሳደገችኝ እሷ ናት። ስልኳ ባለ ቁልፍ ነው። ማንበብ ስለማትችል ቁጥሬን የጎረቤት ልጅ ደብተር ላይ ጽፎላታል። ልትደውል ስትፈልግ ደብተሩን ይዛ ትወጣና ያገኘችውን ልጅ ታስደውላለች። እኔ ለልጅ ልጇ በቴሌግራም «ቁጥሬ ይኸው፣ ንገራት» ብዬ ላክሁ። «እሺ» አለኝ። እኔም ተነገራት ብዬ ረሳሁት።

አልተነገራትም። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ስታስደውል «አይሠራም» ይሏታል። የተዘጋ ቁጥር ደግሞ ጊዜውን ጠብቆ ለሌላ ሰው ይሰጣል። አሜሪካ ሕጉ ቢያንስ 45 ቀን ይቆይ ይላል፣ ከዚያ በኋላ የማንም ነው። ከሁለት ወር በላይ ካለፈ በኋላ ስታስደውል አንዲት ሴት አነሳች። በማታውቀው ቋንቋ ተናግራ ዘጋች። አክስቴ ያገባሁ መሰላት። አግብቼ፣ ሚስቴ እንዳታነጋግረኝ ከልክላኝ! ለሰው መናገር አፍራ ዝም አለች።

እኔ በበኩሌ «ምነው እትዬ ጠፋች፣ ደህና ብትሆን ነው» እያልኩ ከርሜያለሁ። መደወል የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። በመጨረሻ ስደውል የመጀመሪያ ቃሏ «ተቀየምከኝ እንዴ ልጄ?» ነበር።

ስለዚህ ስማርት ስልክ ለሌላቸው፣ ማንበብ ለማይችሉ፣ ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች ደብዳቤ አትላኩ። ልጅ ወይም ጎረቤት ባጠገባቸው ባለበት ሰዓት ደውሉ። ቁጥሩን ሁለት ሁለት አኃዝ እያደረጋችሁ አስጽፉ፣ መልሰው ያንብቡላችሁ። ከዚያ «አሁኑኑ ሚስኮል አድርጉልኝ» በሉ። ስልካችሁ ከጠራ ደርሷል። ካልጠራ አኃዝ ተሳስቷል፣ እንደገና አስጽፉ። «እነግራታለሁ» የሚል ልጅ አትመኑ። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ኳስ አለበት።

አሮጌውን መስመር ቢያንስ ሁለት ወር በትንሹ ፓኬጅ አቆዩት። ከመዝጋታችሁ በፊት በነበረው ሳምንት ማን እንደደወለበት ዝርዝሩን እዩ። እነዚያ ደብዳቤው ያልደረሳቸው ናቸው። አራተኛውን ቁጥሬን ስይዝ እንዲህ አድርጌ አምስት ሰው አገኘሁ፤ ሦስት ደንበኞች፣ አንድ የድሮ የክፍል ጓደኛ፣ አንድ ደግሞ የአክስቴ ጎረቤት፣ ያ ደብተሩ ላይ የጻፈው ልጅ። አሁን ጎረምሳ ሆኗል። «እትዬ አዲሱን ጽፈንላታል፣ ይሄኛው ግን ይሠራ እንደሆነ እይልኝ ብላኝ ነው» አለኝ።