ድር ቢያብር፦ ዘፈን ለምትተረጉሙ ልጆቼ

የመንዝንና የቡልጋን፣ የአንኮበርንና የደብረ ብርሃንን ዘፈን ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ የምትደክሙ ልጆቼ፣ ዕድሜዬን በትርጉም ሥራ ያሳለፍኩ ሰው እንደመሆኔ ስለ አንድ ነገር ብቻ ልጻፍላችሁ፤ እርሱም በዘፈን ውስጥ የገባ ምሳሌያዊ አነጋገር ጉልበቱ ሳይሞት ወደ ሌላ ቋንቋ እንዴት እንደሚሻገር ነው። ለማሳያ ያህል በደቦ ገብስ ሲታጨድ ሊዜም የሚችል፣ ራሴ የገጠምኩትን ስንኝ ልውሰድ፦

ና ወንድሜ ና በል፣ ገብሱ እንዳያድር፤
ድር ቢያብር አይደል፣ አንበሳ የሚያስር።

ከሁሉ በፊት እንግሊዝኛውን ተዉትና «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ምሳሌ በተራ አማርኛ ጻፉት፤ «ድር ቢተባበር አንበሳን ያስራል» ይሆናል። ፍሬ ነገሩ አልተለወጠም፤ ነገር ግን ማንም አይዘፍነውም። የጎደለውን ፈልጉ። «ቢያብር» እና «ያስር» ቤት ይመቱ ነበር፤ አሁን አይመቱም። «ያስር» በአጭሩ የሚቆም የጥንት አነጋገር ነበር፤ «ያስራል» ሲሆን የዕለት ወሬ ሆነ። አራቱ ቃላት ግን አራት ሆነው ቀርተዋል፤ ስለዚህ ጉልበቱ ያለው በቃላቱ ቁጥር ብቻ ሳይሆን በድምፁ መግጠምና በአባባሉ ማጠር ነው። ይህን ሳታውቁ ወደ ሌላ ቋንቋ ብትሻገሩ ምን እንደጣላችሁ እንኳ አይታወቃችሁም።

አሁን ወደ እንግሊዝኛው እንምጣ። የተለመደው ትርጉም «ዌን ስፓይደር ዌብስ ዩናይት፣ ዘይ ካን ታይ አፕ ኤ ላየን» የሚለው ነው። ስህተት የለበትም። ሆኖም አራቱ ቃል አሥር ሆነዋል፣ ቤቱም አይመታም። ከቪዲዮ በታች ለሚነበብ ጽሑፍ ደግሞ ሌላ ችግር አለው፤ በብዙ ቦታ ለአንድ መስመር የሚፈቀደው 42 ፊደል ገደማ ሲሆን፣ ይህ ግን በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ክፍተቱ ተቆጥሮ 46 ይደርሳል። ተመልካቹ ሁለተኛውን መስመር ሳይጨርስ ዘፋኙ ወደሚቀጥለው ስንኝ ያልፋል።

እኔ የምመርጠው «ዌብስ ዛት ትዋይን ካን ባይንድ ኤ ላየን» የሚለውን ነው። ሰባት ቃልና 31 ፊደል ነው። ሙሉ ቤት አይመታም፤ ነገር ግን ትዋይን፣ ባይንድ፣ ላየን ሲባል አንዱ «አይ» ሦስቴ ይመላለስና ጆሮ ይይዘዋል። አማርኛው የሚያርፈው በግሱ ላይ ነው፤ እንግሊዝኛው ግን ግሱን አስቀድሞ አንበሳውን መጨረሻ ላይ ስለሚያመጣ፣ ከደካማው ድር ተነሥቶ በብርቱው አውሬ ያርፋል፤ እኔ እንዲያውም ይህን ቅደም ተከተል እወደዋለሁ። «ስፓይደር» የሚለውን ስለመጣሌ አትጨነቁ። ባናና በርኖስ ሲሠራ ላየ የመንዝ ሰው ድር የሸረሪት ብቻ ሳይሆን የሸማኔም ነው፤ የእንግሊዝኛው «ዌብ» ደግሞ የወጣው ከዚያው ከሽመና ስለሆነ ሁለቱንም ይሸከማል፤ «ትዋይን»ም ክር መግመድ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ሜኒ ሃንድስ ሜክ ላይት ወርክ» የሚለውን የፈረንጅ ምሳሌ አምጥታችሁ መተካት ትወዳላችሁ፤ ለደቦም የሚስማማ ይመስላል። እዚህ ላይ የምከራችሁ የሚቀጥለውን ስንኝ እንድታዩ ነው። ዘፋኙ ወረድ ብሎ ስለ አንበሳው፣ ስለ ክሩ ወይም ስለ መታሰሩ አንድ ቃል ከጨመረ፣ የእናንተ ምትክ ያንን ስንኝ መሬት ያሳጣዋል፤ ስለዚህ ሥዕሉን መለወጥ አትችሉም። ዘፋኙ ምሳሌውን ጠቅሶ ዝም ብሎ ካለፈ፣ አድማጩም ሥዕሉን ሳያስብ የሚለው ያረጀ አባባል ከሆነ ግን መተካቱ አያስነቅፍም።

ከሁሉ የሚከብደው ዘፋኙ «ድር ቢያብር» ብሎ በግማሽ ሲያቆም ነው፤ የእኛ አድማጭ ቀሪውን በልቡ ይሞላዋል፣ ደስታውም ከዚያ ይመጣል። የባዕዱ አድማጭ የሚሞላው የለውምና ሙሉውን ስጡት፤ ቦታው የሚጠብባችሁ ከሆነ ከዚያው ስንኝ «ና ወንድሜ» የሚለውን ጥሪ ቀንሱ እንጂ አንበሳውን አትቀንሱ። ምሳሌው በአዝማች ሆኖ የሚመላለስ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያውን ትርጉም ቃል በቃል ድገሙት። በየጊዜው ያሻሻላችሁት ቢመስላችሁም፣ አድማጩ ያንኑ መስመር በሦስተኛው ጊዜ አብሮ ማለት የሚችለው ሳይለወጥ ሲያገኘው ነው።