16,000 ሲያቀርቡ 20,000 መጠየቅ

«ደሴ ነው የምኖረው። ኮምቦልቻ ያለ ፋብሪካ ለሂሳብ ሠራተኛነት 16,000 ብር አቀረበልኝ። 20,000 ብዬ በኢሜይል ብጠይቅ ነውር ይሆናል?»

ምንም ነውር የለውም ወንድሜ፤ ብቻ ከመፈረምህ በፊት ይሁን። የአዲስ አበባን ደመወዝ አትጥቀስ፤ «እዚያ ኑሮው ሌላ ነው» ይሉሃል። እዚያው አካባቢ ለተመሳሳይ መደብ የወጡ ማስታወቂያዎችን ፈልግ። ብዙዎቹ «ደመወዝ፦ በስምምነት» ስለሚሉ በሙያው ያለ ሰው መጠየቅህ አይቀርም። ከዚያ የራስህን ቁጥር አስገብተህ እንዲህ ጻፍ፦

«ስለ ሰጣችሁኝ ዕድል አመሰግናለሁ፤ ሥራውንም እፈልገዋለሁ። በአካባቢው የእኔን ያህል ልምድ ላለው ሂሳብ ሠራተኛ ከ18,000 እስከ 21,000 ብር እንደሚከፈል አይቻለሁ። ያልተጣራ ደመወዜ 20,000 ብር ቢሆንልኝ እጠይቃለሁ። በጀቱ የማይፈቅድ ከሆነ በከፊል ጭማሪና ከደሴ በሚነሳ ሰርቪስ መነጋገር እችላለሁ።»

«18,000ም ይበቃኛል» ብለህ እንዳትጽፍ፤ እሱኑ ነው የሚይዙት። ሰርቪሱን ደግሞ አትናቀው። ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ግብር አለ፤ 7 በመቶ ጡረታም ይቆረጣል። 4,000 ቢጨምሩልህ እጅህ የሚገባው 2,320 ብቻ ነው። የታክሲው ወጪ ግን በየቀኑ ደርሶ መልስ ነው። በስልክ «እሺ» ቢሉህም ውሉ ላይ ሳይሰፍር አትፈርም።