«ሲረከቡ ይክፈሉ» የሚለውን ማሳወቂያ ደንበኛው በሚረዳው መንገድ ስለ መጻፍ

ጥያቄ፦ «ሰላም ለቡድኑ አባላት። በኦንላይን የምንሸጠው ዕቃ ደንበኛው ጋ ሲደርስ በጥሬ ገንዘብ ይከፈላል። ስለ ክፍያውና ዕቃውን አልቀበልም ስለ ማለት ማሳወቂያ ጽፈናል፤ ደንበኞች ግን አሁንም በር ላይ ከዕቃ አድራሹ ጋር ይጨቃጨቃሉ። እንዴት ብንጽፈው ይገባቸዋል?»

መልስ፦ ሰላም ይስጥልኝ። በኦንላይን ሽያጭ የደንበኞች አገልግሎት ላይ በሠራሁባቸው ዓመታት እንዲህ ያሉ ማሳወቂያዎችን ስጽፍና ሳርም ቆይቻለሁ። ባየሁት ሁሉ ጭቅጭቁ የሚነሣው ደንበኛው ሳያነብ ስለቀረ ብቻ አይደለም። አንብቦም ቢሆን፣ በሩ ላይ ቆሞ ለገጠመው ነገር ከማሳወቂያው መልስ ያጣል። ስለዚህ ጽሑፉን ከድርጅቱ ደንብ ሳይሆን በሩ ላይ ከሚሆነው ነገር ተነሥተው ቢጽፉት ይሻላል።

በብዙ መደብሮች ዘንድ የሚገኘው አጻጻፍ የሚከተለውን ይመስላል፦ «የጥሬ ገንዘብ ማስተናገጃ 2 በመቶ ይታሰባል። በደንበኛው ምክንያት ተቀባይነት ባላገኙ ትእዛዞች ላይ አግባብነት ያላቸው ክፍያዎች ተፈጻሚ ይሆናሉ።» ሰዋስዉ እንከን የለበትም፤ ደንበኛው ግን ስንት እንደሚከፍል አያውቅም።

ይህን በአንድ ትእዛዝ ላይ እንየው። ደንበኛው 1,200 የሚያወጣ ጫማና 800 የሚያወጣ ቦርሳ አዘዘ፤ ማድረሻው 100 ነው እንበል። አድራሹ ሲመጣ ደንበኛው ጫማውን ወስዶ ቦርሳውን መለሰ። 2 በመቶው የሚታሰበው ከታዘዘው ዕቃ ዋጋ ከሆነ 40 ነው፤ ጠቅላላው 1,340 ይሆናል። ከተረከበው ዕቃ ብቻ ከሆነ 24 ነው፤ ጠቅላላው 1,324 ይሆናል። የማድረሻ ክፍያውም በስሌቱ ውስጥ ይገባል ከተባለ ደግሞ 1,342 ወይም 1,326 ይመጣል። ከአንድ ዓረፍተ ነገር አራት የተለያዩ ድምሮች ይወጣሉ ማለት ነው፤ ደንበኛው ትንሹን፣ አድራሹ ትልቁን ይዘው ቢከራከሩ ሁለቱም የተጻፈውን ጠቅሰው ነው። በመቶኛው ቦታ ቁርጥ ያለ ክፍያ ማስገባት ከቻሉ ይህ ክርክር ከሥሩ ይጠፋል። ካልቻሉ ግን መቶኛው ከምን ላይ እንደሚታሰብ ይጻፉ፤ ከሥሩም በቁጥር የተሠራ አንድ ምሳሌ ያስቀምጡ። ደግሞም የመጨረሻው ድምር ደንበኛው ትእዛዙን ከማረጋገጡ በፊት፣ ከማረጋገጫው አዝራር አጠገብ መታየት አለበት፤ አድራሹ በያዘው ደረሰኝ ላይ ያለው ቁጥርም ያው መሆን አለበት።

ሁለተኛው ጉዳይ አለመቀበል ነው፤ እኔ ከሁሉ የበለጠ ጊዜ የምሰጠውም ለዚህ ነው። ብዙ ማሳወቂያዎች የማይገናኙ ነገሮችን «አለመቀበል» በሚል አንድ ስም ይጠቀልላሉ። ሐሳቡን የለወጠ ደንበኛ፣ የተሳሳተ ቀለም ወይም የተሰበረ ዕቃ የመጣለት ደንበኛ፣ ስልኩ ሲደወልለት ያልተነሣ ደንበኛ፣ ካዘዘው ግማሹን ብቻ የፈለገ ደንበኛ፣ እነዚህ ሁሉ በእርስዎ መዝገብ ላይ «ተመላሽ» ተብለው ይሰፍሩ ይሆናል። ዕቃው የተሰበረበት ሰው ግን እንደ ጥፋተኛ ክፍያ ሲጠየቅ መቆጣቱ የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ሁኔታ በየራሱ አጭር አንቀጽ ይጻፉ፤ አንቀጹንም በክፍያው ስም ሳይሆን ደንበኛው ራሱን በሚያገኝበት ሁኔታ ይጀምሩት። ለምሳሌ፦ «ያላዘዙት ወይም የተበላሸ ዕቃ ከመጣ አይረከቡት፤ ምንም ክፍያ የለብዎትም። ካዘዟቸው ዕቃዎች አንዱን ብቻ ከወሰዱ የወሰዱትን ዕቃ ዋጋ፣ ሙሉውን የማድረሻ ክፍያና 40 የጥሬ ገንዘብ ማስተናገጃ ይከፍላሉ። አድራሹ ደውሎ ካላገኘዎት በማግስቱ አንድ ጊዜ ብቻ ተመልሶ ይመጣል፤ ያን ጊዜም ካልተገኙ ትእዛዙ ይሰረዛል።» ቁጥሮቹና ቀኖቹ የእርስዎ ይሁኑ፤ አጻጻፉ ግን ይህን ያህል የተቆረጠ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሐሳቡን ለለወጠ ደንበኛ «የደርሶ መልስ ማጓጓዣ ይከፍላሉ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ነገር ግን ደንበኛው ገና ምንም አልከፈለም፤ በሩን ቢዘጋ አድራሹ የሚያስከፍልበት መንገድ የለውም። የማይሰበሰብ ክፍያ ሲጻፍ፣ ጽሑፉን አንብቦ የሚያምነው ደንበኛ ይከፍላል፤ የማያምነው ሳይከፍል ይቀራል፤ አድራሹም በየበሩ ሙግት ይገጥመዋል። ስለዚህ በእርግጥ የሚያደርጉትን ብቻ ይጻፉ። ሁለት የሚሠሩ መንገዶች አውቃለሁ። አንደኛው የማድረሻ ክፍያውን ትእዛዙ ሲሰጥ አስቀድሞ መቀበል፣ የዕቃውን ዋጋ ብቻ በር ላይ ማስከፈል ነው፤ ዕቃውን ያልፈለገ ደንበኛ አስቀድሞ የከፈለው ማድረሻ አይመለስለትም፤ በሩ ላይም የሚጠየቀው ነገር የለም። ሁለተኛው «ያለ ምክንያት 2 ትእዛዝ ከመለሱ ቀጣዩን ትእዛዝ የምንቀበለው ቅድሚያ ሲከፍሉ ነው» ማለት ነው። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ደንበኛው የሚያጣውን ገንዘብ ከማዘዙ በፊት ያውቀዋል።

ጥቅሉን የመክፈት ነገርም ሳይጻፍ መቅረት የለበትም። ደንበኛው የተበላሸውን ዕቃ አይረከቡ ተብሎ ሳለ ሳይከፍል መክፈት የማይፈቀድለት ከሆነ፣ የሰጡት መብት ዋጋ የለውም። አድራሽ ድርጅቱ ከክፍያ በፊት ማየትን የሚፈቅድ ከሆነ «አድራሹ ባለበት ከፍተው ይመልከቱ፤ ከዚያ ይክፈሉ» ይበሉ። የማይፈቅድ ከሆነም ይህንኑ በግልጽ ይጻፉና ደንበኛው ከከፈለ በኋላ ጉድለት ቢያገኝ ፎቶ ወዴት እንደሚልክ፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚያሳውቅ፣ የከፈለው ጥሬ ገንዘብም በምን መንገድ እንደሚመለስለት ይግለጹ። የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ አድራሹ የተቀበለውን ገንዘብ አስረክቦ ስለሚሄድ ተመላሹ በባንክ ሒሳብ ወይም በሞባይል ገንዘብ መላክ ይኖርበታል፤ ደንበኛው ደግሞ አድራሹ ይዞልኝ ይመጣል ብሎ ይጠብቃል። ጉድለት ስላለበት ዕቃ ሕግ ለገዢ የሰጠውን መብት ማሳወቂያ ሊያጠበው አይችልም፤ በዚህ ክፍል ላይ ያለውን ቃል የአገራችሁን ሕግ የሚያውቅ ሰው ቢያየው መልካም ነው።

ጽሑፉ ሲያልቅ «ግልጽ ነው?» ብለው አይጠይቁ፤ ሁሉም ሰው አዎ ይላል። ከመደብሩ ጋር ግንኙነት ለሌላቸው ጥቂት ሰዎች ይስጡና መልሳቸው ቁጥር የሆነ ጥያቄ ይጠይቋቸው፦ ቦርሳውን መልሰው ጫማውን ቢወስዱ ስንት ይከፍላሉ? ቤት ባይገኙ አድራሹ ስንት ጊዜ ይመለሳል? መልሶቹ ከተለያዩ የሚታረመው ዓረፍተ ነገሩ ነው። ያንኑ ጥያቄ ለአድራሾቹም ይጠይቁ፤ እነርሱ የሚሰጡት መልስ ከገጹ ከተለየ ደንበኛው የሚሰማው የእነርሱን ነው።

አዲሱን ጽሑፍ ስታወጡ የሚጸናበትን ቀን ከላዩ ጻፉበት፤ ከዚያ ቀን በፊት የታዘዘ ዕቃ ቢዘገይና በኋላ ቢደርስ እንኳ በአሮጌው ማሳወቂያ ይስተናገዳል የሚል አንድ መስመርም ጨምሩበት።