ከዓመት በኋላ መውለድ ለምታስብ፦ መርፌ ወይስ ኪኒን?

«የዛሬ ዓመት መውለድ እፈልጋለሁ። የ3 ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ ብጀምር ችግር አለው?»

እህቴ፣ ጅማ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። በቀደም አንዲት ልጅ መርፌውን ፈልጋ መጣች። «መቼ ለመውለድ አስበሻል?» አልኳት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የዛሬ ዓመት» አለችኝ። «መካን ያደርጋል የሚሉትስ?» ስትልም፣ እንደማያደርግ ነገርኳት። ግን ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ለማርገዝ ብዙ ጊዜ ወደ 10 ወር ገደማ ይወስዳል፤ ከዓመት የሚያልፍባቸውም አሉ። ኪኒን ግን ካቆምሽው በኋላ ቶሎ ማርገዝ ይቻላል።

ደም ግፊቷን ለካሁ፣ ዓይን ላይ ብልጭ እያለ የሚመጣ ራስ ምታት እንዳለባትም ጠየቅኋት፤ እነዚህ ካሉ የተለመደው ኪኒን አይሆንም። ሁለቱም አልነበሩባትም። እሽጉን ገልጬ 21ዱን የሆርሞን ኪኒንና 7ቱን የብረት ኪኒን በጣቴ አሳየኋት። «ማታ ጥርሴን ስቦርሽ እውጠዋለሁ» አለች። አንቺም መጀመሪያ ግፊትሽን ተለኪ።