«በሁለት ቡድን» ወይስ «በየቡድኑ»?

ጥያቄ፦ መምህር፣ በጥናት ዕቅዴ ላይ «በሁለት ቡድን 64 ታካሚዎች ይሳተፋሉ» ብዬ ብጽፍ አማካሪዬ «በየቡድኑ» በሚል አረሙት። የትርጉም ልዩነት አለው?

መልስ፦ አለው፤ የታካሚዎቹን ቁጥር በግማሽ የሚቀንስ ልዩነት ነው። ሁለት አማካዮችን ለማነጻጸር የምንሠራበት ቀመር፣ n = 2(1.96 + 0.84)²σ²/δ²፣ የሚሰጠን የአንዱን ቡድን ቁጥር እንጂ ድምሩን አይደለም። ሁለት የደም ግፊት መድኃኒቶችን እናነጻጽር እንበል። ሊያመልጠን የማንፈልገው ትንሹ የአማካይ ልዩነት፣ δ፣ 5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ የታካሚዎቹ መደበኛ ልይይት፣ σ፣ ደግሞ 10 ነው። 1.96 ልዩነት ሳይኖር «አለ» የማለትን ስሕተት በ5 በመቶ ይገድባል፤ 0.84 ደግሞ ልዩነቱ በእርግጥ ካለ የማግኘት ዕድላችንን 80 በመቶ ያደርሳል። ስሌቱ 62.7 ይሰጣል፤ ሰው ስለማይከፈል 63 እንላለን። ልይይቱ ከናሙናው ራሱ ስለሚገመት በቲ ስርጭት ሲታረም 64 ይሆናል።

እንግዲህ የእርስዎን ዓረፍተ ነገር ያነበበ ሰው 64ን ድምር አድርጎ 32 ከዚህ፣ 32 ከዚያ ቢመድብ፣ ያው ልዩነት የመገኘት ዕድሉ ወደ 50 በመቶ ገደማ ይወርዳል። መድኃኒቱ እየሠራ «ልዩነት አልተገኘም» ሊባል ነው።

«ቡድን ተብሎ ከተጠራ ማከፋፈሉ ከዐውዱ ይታወቃል» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አልስማማም። «በሁለት መኪና 64 እንግዳ መጣ» ሲባል ድምሩን የማይረዳ አማርኛ ተናጋሪ የለም። ማከፋፈል ምልክት ይሻል። ግእዝ «በበ»፣ «ለለ» እያለ መስተዋድዱን ይደግማል፤ አማርኛ «ሁለት ሁለት ብር ሰጣቸው» ሲል ቁጥሩን ይደግማል፣ ወይም «በየ»ን ያስቀድማል። «እያንዳንዱ» ራሱ «እየ» እና «አንዳንዱ» የተጋጠሙበት ቃል ነው፤ ማከፋፈያውን በሆዱ ስለያዘ «በየእያንዳንዱ» ማለት ትርፍ ነው።

እኔ «በየቡድኑ»ን እመርጣለሁ፤ አጭር ነው፣ ለጆሮም የቀና ነው። ይሁን እንጂ የጥናት ጽሑፎች በአብዛኛው «በእያንዳንዱ ቡድን» ወደሚለው አዘንብለዋል፤ ልቤ ባይወደውም ትርጉሙን ስለማያዛባ ስሕተት ልለው አልችልም።

የሌላ ሰው ጽሑፍ በዚህ ረገድ ቢያደናግርዎት የቲ ፍተሻውን የነጻነት ዲግሪ ይመልከቱ፤ ከሁለቱ ቡድኖች ድምር ላይ 2 ተቀንሶ የሚገኝ ነው። 126 ከሆነ 64 የየቡድኑ ቁጥር ነው፤ 62 ከሆነ ግን ድምሩ ነው። በእርስዎ ዕቅድ ላይ አንባቢ ይህን እንዳይፈልግ ሁለቱንም ቁጥር ይጻፉ፦ «በየቡድኑ 64፣ በድምሩ 128 ታካሚዎች ይሳተፋሉ»።