ስኮፒንግ ወይስ ሲስተማቲክ? እኔ 7 ወር ከፍዬበታለሁ

«ሰላም ለቡድኑ። የማስተርስ ተማሪ ነኝ፣ ርዕሴ የአበባ እርሻ ሠራተኞች የጤና ችግር ነው። ስኮፒንግ ሪቪው ላድርገው ወይስ ሙሉ ሲስተማቲክ ሪቪው? ፕሮቶኮሉንስ እንዴት ልጻፈው?»

እህቴ፣ ያንቺና የኔ ነገር አንድ ነው። የኔ የግንባታ ሠራተኞች ጤና ነበር። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ በመስኮት ብሎኬት ሲሸከሙ ስለማያቸው ሰዎች ነበር የምጽፈው።

1. ርዕስ ብቻ ይዘሽ አትወስኚ። «የጤና ችግር» ርዕስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። ስኮፒንግ በርዕሱ ላይ ምን ምን እንደተጠና ካርታ ያወጣል፤ ሲስተማቲክ ግን ለአንድ ጠባብ ጥያቄ ከጥናቶቹ መልስ ይሰበስባል። እኔ ግን ዘልዬ ሲስተማቲክ ሪቪው ውስጥ ገባሁ። ለምን? ሁለት ታክሲ ይዤ ቢሮ ድረስ ብሄድ አንድ ሰውዬ ቀና ብሎ ሳያየኝ «ስኮፒንግ የሰነፍ ሥራ ነው፣ ሜታ አናሊሲስ አምጣ» አለኝ። ደነገጥኩና እሺ አልኩ። ሜታ አናሊሲስ የብዙ ጥናቶችን ቁጥር ደምሮ አንድ አማካይ ማውጣት ነው፤ ስለዚህ የሥራ ላይ ጉዳትን እደምራለሁ ብዬ ፕሮቶኮል፣ ማለትም የሪቪውውን ዕቅድ፣ ጻፍኩ፤ የሲስተማቲክ ሪቪው ዕቅዶች በሚመዘገቡበት ፕሮስፔሮ በሚባለው ድረ ገጽ ላይም አስመዘገብኩ።

ከ7 ወር በኋላ 41 ጥናት እጄ ላይ ነበር። የቱን ከየቱ ልደምር? አንዱ ጉዳት የሚለው ባለፉት 12 ወራት ከሥራ ያስቀረውን ብቻ ነው። ሌላው ባለፈው አንድ ወር የደረሰውን ጭረት ሁሉ ቆጥሯል። አንዱ ደግሞ ቃለ መጠይቅ ነው፤ ቁጥር የሚባል የለውም። እነዚህን ደምሮ አማካይ ማውጣት ኪሎን ከሊትር እንደ መደመር ነው።

ትልቁ ጥፋቴ ግን ከዚህ በኋላ መጣ። ስሙን ብቻ ቀይሬ «ስኮፒንግ» ልበለው አልኩ። አማካሪዬ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «ፍለጋህ በጉዳት ቃላት ነው የታጠረው። ስለ አቧራውና ስለ ጭንቀቱ የተጻፈው ታዲያ የት አለ?» መልስ አልነበረኝም። ፍለጋውን ከዜሮ ጀመርኩ። ፕሮስፔሮ ስኮፒንግ ሪቪው ስለማይመዘግብ አዲሱን ፕሮቶኮል የምርምር ሰነዶች በሚቀመጡበት osf.io ላይ አስገባሁ።

2. ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ከሰዓት በኋላ ስጪው። 30 ጥናት ክፈቺና ደብተር ላይ አራት ዓምድ አስምሪ፦ እነማን ተጠኑ፣ ምን ተለካ፣ እንዴት ተለካ፣ ጥናቱ ምን ዓይነት ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ዓምድ ከላይ እስከ ታች ከተመሳሰለ፣ ጥያቄሽም «ምን ያህሉ ሠራተኞች የመተንፈሻ ችግር ምልክት አለባቸው?» ዓይነት ከሆነ ሲስተማቲክ ነው። አንዱ ቆዳ፣ አንዱ ትንፋሽ፣ አንዱ የፀረ ተባይ አጠቃቀም ካለ፣ አንቺም «ስለነሱ ጤና ምን ምን ተጠንቷል፣ ምንስ ጎድሏል?» ካልሽ ስኮፒንግ ነው። የጥናት ማነስ ብቻውን ምክንያት አይሆንም፤ በአምስት ጥናትም ሲስተማቲክ ሪቪው ይሠራል።

ደግሞ ስኮፒንግ ቀላል ነው የሚልሽን አትስሚ። የጥናቶቹን ጥራት መገምገም ግዴታ አይደለም፣ እውነት ነው። ግን ፍለጋው ይሰፋል። በመጨረሻም «ስለዚህ ይህ መከላከያ ይሠራል» ብለሽ መደምደም አትችይም።

3. ፕሮቶኮሉን ከሦስት ነገር ጀምሪ፦ ሕዝቡ፣ ጽንሰ ሐሳቡ፣ ዐውዱ። ያንቺ የአበባ እርሻ ሠራተኞች፣ ከሥራው ጋር የተያያዘ ጤና፣ ኢትዮጵያና ኬንያ ሊሆን ይችላል። በሆለታና በሰበታ ብቻ ካጠርሽው ግን የምታነቢው ያልቅብሻል። ለፐብሜድ እንዲህ ሞክሪ፦

```
("flower farm*" OR floricultur*) AND
(worker* OR laborer* OR labourer*) AND
(Ethiopia* OR Kenya*)
```

የበሽታ ስም ሆን ብዬ አላስገባሁም። ካስገባሽ ያንን ብቻ ነው የምታገኚው፣ እንደኔ። labourer በ u የተጨመረውም በምክንያት ነው፤ እኔ መጀመሪያ በአሜሪካው አጻጻፍ ብቻ ፈልጌ ስንቱ አምልጦኛል።

ከዚያ ምን እንደሚገባና ምን እንደሚወጣ ጻፊ፣ ግን ሳትፈትኚው አትመኚው። የሪቪው አሠራር መመሪያ የሚያወጣው ጄቢአይ 25 ርዕስና አጭር መግለጫ ወስዳችሁ ለየብቻ አጣሩ፣ ቢያንስ 75 በመቶ ከተስማማችሁ ቀጥሉ ይላል። እኔና ጓደኛዬ በ15ቱ ብቻ ተስማማን፣ 60 በመቶ መሆኑ ነው። ተከራከርን፣ ተኮራረፍንም። ለካ ችግሩ «ሠራተኛ» የሚለው ቃል ነበር፤ እሱ መሐንዲሱንም ያስገባል፣ እኔ አላስገባም። «ቢሮ የሚውሉ መሐንዲሶች አይካተቱም» የሚል አንድ መስመር ጨመርንና በሌላ 25 ሞከርን። በ22ቱ ተስማማን። ያንቺም እርሻ ውስጥ ግሪንሃውስ የሚገባ አለ፣ ማሸጊያ ክፍል የሚውል አለ፣ ቢሮ የሚቀመጥ አለ። ማን እንደሚገባ አሁኑኑ ጻፊው።

ሲያልቅ ለሪፖርቱ ሪፖርቱ ውስጥ ምን ምን መጻፍ እንዳለበት የሚዘረዝረውን፣ ለስኮፒንግ የወጣውን የ2018ቱን የፕሪዝማ ዝርዝር ተጠቀሚ። የ30ውን ጥናት ሠንጠረዥ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊው፣ እሁድ መብራት ካለ አየዋለሁ።